በዘይት ጋሎን ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች

5W-30 የሚል ዘይት የገዛ ሰው ቁጥሩን ብዙ ጊዜ እንዲህ ብሎ ያነበዋል፦ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ውፍረቱ 5 ነው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ 30 ይወፍራል። ይህን አባባል ከሾፌርም ከመካኒክም አፍ ሰምቻለሁ፤ ሲሰሙት ምክንያታዊም ይመስላል። ግን ፍጹም የተገላቢጦሽ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል እንጂ አይወፍርም፤ ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ የሞተር ዘይትም የለም። ያው 5W-30 ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ያለው ውፍረት፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ካለው በሃያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል።

ስህተቱ የሚመጣው ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ መለኪያ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦች አድርጎ ከማየት ነው። 5 እና 30 አይወዳደሩም። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ወይም ያንሳል ማለትም አይቻልም። ዘይቱ ሁለት የተለያዩ ፈተናዎችን፣ በሁለት የተለያዩ ሙቀቶች፣ በተለያዩ መሣሪያዎች ተፈትኗል፤ እያንዳንዱ ቁጥር የአንዱ ፈተና ውጤት የወደቀበት መደብ ስም ነው። W የተጠጋው ቁጥር የብርዱ ፈተና ነው፤ ሌላው የሙቀቱ።

እነዚህን መደቦች ያወጣው ኤስ ኤ ኢ የተባለው የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ነው። በጋሎኑ ላይ ከቁጥሩ ፊት SAE የሚሉት ፊደሎች የሚታዩትም ለዚህ ነው። ማኅበሩ የመጀመሪያውን የሞተር ዘይት ምደባ ያወጣው በ1911 ሲሆን፣ ደረጃው ዛሬ J300 በሚል ስም ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ተሻሽሏል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ገዢው ስለ ዘይቱ ቅመም ምንም ሳያውቅ ውፍረቱን ብቻ በሁለት ቁጥር እንዲያውቅ።

ከሙቀቱ ቁጥር እንጀምር፤ ለአብዛኛው አንባቢያችን ዋናው እሱ ነውና። ፈተናው የሚካሄደው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሙቀቱ ሳይዛነፍ 100 ላይ የተያዘ ገንዳ አለ። በውስጡ በ«ዩ» ፊደል ቅርጽ የታጠፈ የመስታወት ቱቦ ይቆማል፤ ከቱቦው አንዱ ክፍል እጅግ ጠባብ ነው። ባለሙያው ዘይቱን ቱቦው ውስጥ ጨምሮ ሙቀቱ እስኪስተካከል ይጠብቃል፣ ከዚያ ዘይቱን ከላይኛው ምልክት በላይ ስቦ ይለቀዋል። ዘይቱ ምንም ሳይገፋው በገዛ ክብደቱ በጠባቡ ክፍል እየወረደ ከላይኛው ምልክት እስከ ታችኛው ለመድረስ የፈጀበት ሰከንድ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ቱቦ በፋብሪካ የተሰጠው ማባዣ አለው። ማባዣው 0.035 ቢሆንና ዘይቱ ለመውረድ 300 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ሁለቱ ሲባዙ 10.5 ይመጣል። ይህ 10.5 ሴንቲስቶክ የሚባለው የውፍረት መለኪያ ነው።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንሂድ። ውጤቱ ከ9.3 ጀምሮ ከ12.5 በታች ከሆነ ዘይቱ 30 ይባላል። ከ12.5 እስከ 16.3 ድረስ 40 ነው፤ ከ16.3 እስከ 21.9 ድረስ 50። ከ30 በታች ደግሞ 20 አለ፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ 16፣ ቀጥሎም 12 እና 8 የሚባሉ በጣም ቀጫጭን ደረጃዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ተብለው ተጨምረዋል። የእኛ ዘይት 10.5 ስላመጣ 30 ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ 30 ራሱ ልኬት አይደለም። 9.4 ያመጣ ዘይትም 12.4 ያመጣ ዘይትም ጋሎናቸው ላይ እኩል 30 ይጻፍባቸዋል። ስለዚህ ወፍራሙ 30 ከቀጭኑ 40 ጋር ጎረቤት ነው፤ ከቀጭኑ 30 ጋር ካለው ልዩነት ይልቅ ለእሱ ይቀርባል። ሁለት ሰዎች «እኔም 30 ነው የምጠቀመው» ቢሉ ሞተራቸው ውስጥ ያለው ዘይት አንድ ነው ማለት አይደለም። ትክክለኛውን ቁጥር ማወቅ የሚፈልግ ሰው አምራቹ ለእያንዳንዱ ዘይት የሚያወጣውን የቴክኒክ መግለጫ ማየት ይችላል፤ በ40 እና በ100 ዲግሪ የተለካው ውፍረት እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ከቱቦው ፈተና ሌላ ሙቀቱን የሚመለከት ተጨማሪ ፈተና አለ። ቱቦው ውስጥ ዘይቱ በእርጋታ ይወርዳል፤ ሞተር ውስጥ ግን እርጋታ የለም። ክራንክ ሻፍቱ ከሚያርፍበት ብረት የሚለየው ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ሲሆን፣ ዘይቱ እዚያ መሐል በኃይል እየተፈተገ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዘይቱ በ150 ዲግሪ፣ በእንዲህ ዓይነት ፍትጊያ ውስጥ ሆኖ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይለካል፤ ለእያንዳንዱ ደረጃም ዝቅተኛ ወለል ተቀምጦለታል። በሞተሩ ብረቶች መካከል የሚቀረውን የዘይት ሽፋን ከሁሉ በላይ የሚናገረው ይህ ፈተና ነው። 30 የሆነ ዘይት 2.9፣ 50 የሆነ ደግሞ 3.7 ማምጣት አለበት፤ መለኪያው ከቱቦው የተለየ ስለሆነ እነዚህን ቁጥሮች ከቀደሙት ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

አሁን ወደ W እንምጣ። ፊደሉ ዊንተር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ሲሆን፣ የሰሜኑን ዓለም የበረዶ ወቅት ያመለክታል። ክብደትን የሚያመለክት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አይደለም። W ያለበት ዘይት በብርድ ተፈትኖ አልፏል፣ W የሌለበት አልተፈተነም ማለት ብቻ ነው። አሮጌ ናፍጣ ሞተሮች ላይ የሚጨመረው ነጠላ 40 ዘይት ለምሳሌ W የለውም፤ ስለዚህ በብርድ ስለሚሆነው ነገር ጋሎኑ ቃል አልገባም።

የብርዱ ፈተና ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው፦ ሞተሪኖው ይህን ዘይት ይዞ ሞተሩን ማዞር ይችላል ወይ? ለዚህ የተሠራው መሣሪያ በጠባብ ክፍተት ውስጥ የምትሽከረከር ትንሽ የብረት ምሰሶ አለችው፤ በዙሪያዋ የቀዘቀዘው ዘይት አለ። ዘይቱ ሲወፍር መሽከርከሩ ይዘገያል፣ ከመዘግየቱም ውፍረቱ ይሰላል። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የዘይት ፓምፑ ከታች ካለው ካርተር ዘይቱን ስቦ ወደ ላይ መላክ ይችላል ወይ?

የፈተናዎቹን ሙቀት ለማስታወስ ቀላል ዘዴ አለ። ከ W በፊት ካለው ቁጥር ላይ 35 ቀንሱ፤ የሚመጣው ሞተሪኖው ፈተናውን ያለፈበት ሙቀት ነው። 40 ብትቀንሱ ደግሞ የፓምፑ ፈተና ሙቀት ይመጣል። 5W ከሆነ ከዜሮ በታች 30 እና ከዜሮ በታች 35። 15W ከሆነ ከዜሮ በታች 20 እና 25። 20W ከሆነ ከዜሮ በታች 15 እና 20። ሰንጠረዡ እንዲህ በአምስት አምስት ዲግሪ ስለሚወርድ ስሌቱ ከ0W እስከ 25W ለሁሉም ይሠራል።

የፓምፑ ፈተና ሁልጊዜ በአምስት ዲግሪ ይበልጥ የሚከብደው ለምን ይመስላችኋል? ሞተሩ እምቢ ብሎ ባይነሳ ባለቤቱ ይናደዳል እንጂ ብረቱ አይጎዳም። ሞተሩ ተነስቶ ዘይቱ ሳይመጣ ቢቀር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ሞተሩን ማስነሳት በሚቻልበት በማንኛውም ሙቀት ዘይቱ መሳብ መቻል አለበት፤ ሁለተኛው ፈተና የመጀመሪያውን በአምስት ዲግሪ እየቀደመ የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የተፈራ ነገር አልነበረም። በ1980 እና በ1981 መካከል በነበረው የብርድ ወቅት፣ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ በተባለችው ከተማ በርካታ ሞተሮች ተቃጠሉ። ዘይቱ በጊዜው የነበሩትን ፈተናዎች ያለፈ ነበር፤ ሞተሮቹም ያለችግር ተነስተዋል። ጥፋቱ የተገኘው ብርዱ በመጣበት መንገድ ላይ ነው። ሙቀቱ በአንድ ጊዜ አልወረደም፤ በዝግታ ነው የወረደው። በዘይቱ ውስጥ ያለው ሰም ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ደቃቅ ቅንጣቶች ሠርቶ እርስ በርስ ተያያዘ፤ ዘይቱም ብርድ ላይ ያደረ ቅቤ ሆነ። ፓምፑ አፉ ሥር ያለውን ሳበና ጉድጓድ ቀረ፤ በዙሪያው ያለው ዘይት ፈስሶ ጉድጓዱን አልሞላውም። ከዚያ በኋላ ፓምፑ የሳበው አየር ነበር። ቀድሞ የነበረው የላቦራቶሪ ፈተና ዘይቱን በፍጥነት ያቀዘቅዝ ስለነበር ሰሙ የመያያዣ ጊዜ አላገኘም፣ ችግሩም ተደብቆ ቀረ። ዛሬ የፓምፕ ፈተና የሚደረግለት ዘይት ሁለት ቀን ገደማ በዝግታ እየቀዘቀዘ እንዲቆይ የሚደረገው ከዚያ ወቅት በተገኘ ትምህርት ነው። ሚኒሶታ ወይም ካናዳ ያሉ ወገኖቻችን 0W ወይም 5W የሚል ዘይት ሲገዙ የሚከፍሉት ለዚህ ጥበቃ ነው፤ እዚያ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 30 ማለት የሌሊት ወሬ አይደለም።

አንድ ዘይት ሁለቱንም ፈተና እንዴት ያልፋል? ብርዱን እንዲያልፍ አምራቹ ከቀጭን መነሻ ዘይት ይጀምራል። ያ ቀጭን ዘይት ብቻውን ቢሆን በ100 ዲግሪ 30 መድረስ ይሳነዋል። ስለዚህ ፖሊመር የሚባሉ እጅግ ረጃጅም ሞለኪውሎች ይጨመሩበታል። እነዚህ በብርድ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፣ የዘይቱን ፍሰት ብዙም አያውኩም፤ ሙቀት ሲያገኛቸው ይዘረጋሉ፣ ዘይቱ ሊቀጥን የሚገባውን ያህል እንዳይቀጥን ይይዙታል። ዘይቱ ሲሞቅ ይወፍራል የሚለው ስህተት የበቀለው ምናልባት ከዚህ ይሆናል። ፖሊመሩ መቅጠኑን ያዘገየዋል እንጂ አይቀለብሰውም።

ፖሊመር ድክመትም አለበት። ሞተሩ ውስጥ ሲፈተግ ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች እየተቆራረጡ ያጥራሉ፣ አንዴ ከተቆረጡም አይመለሱም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን በርካሽ መነሻ ዘይት የተሠራው ብዙ ፖሊመር ያስፈልገዋል። 10.5 ሆኖ የገባ ዘይት ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ከ9.3 በታች ወርዶ ሊገኝ ይችላል፤ ጋሎኑ 30 እንዳለ ነው፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው ግን አሁን 20 ሆኗል። የመቀየሪያ ኪሎ ሜትሩን ማሳለፍ ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች አንዱ ይህ ሲሆን፣ በዓይን አይታይም። የዘይቱ መጥቆር ስለዚህ ጉዳይ አይናገርም።

አሁን አንድ የአዲስ አበባ ጉዳይ ወስደን በቁጥር እንየው። ባለመኪናዋ ቪትዝ አላት፤ የአምራቹ መመሪያ 5W-30 ይላል። ዘይት ቀያሪው 20W-50 አንስቶ፣ «እህቴ፣ አገሩ ሞቃት ነው፤ ቀጭኑ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው። ወፍራሙ ሞተርሽን ይይዝልሻል» ይላታል። በክፋት አይደለም፤ ብዙ ባለሙያ ከልቡ የሚያምንበት ነገር ነው። ከንግግሩም ግማሹ እውነት አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ከዜሮ በታች 15 የሆነ ሌሊት የለም፤ ደብረ ብርሃንም ቢሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይመታታል እንጂ ወደዚያ አይጠጋም። ስለዚህ 20W የተባለው ዘይት ሞተሩ እንዳይነሳ አያደርገውም፣ ሱ ፎልስ ላይ የደረሰውም እዚህ አይደርስም። ከዚያ በኋላ ግን ክርክሩ ይሰናከላል።

የተለመደ 5W-30 በ40 ዲግሪ 62 ሴንቲስቶክ ገደማ፣ በ100 ዲግሪ 10.5 ገደማ ነው እንበል። የተለመደ 20W-50 ደግሞ 155 እና 17.8። ከእነዚህ ሁለት ነጥቦች ተነስቶ በሌላ ሙቀት ያለውን ውፍረት ማስላት የሚያስችል በዘርፉ የታወቀ ቀመር አለ። የኅዳር ጠዋት፣ መኪናዋ ደጅ አድራ፣ ሞተሩ 10 ዲግሪ ላይ ነው። በቀመሩ መሠረት 5W-30 በዚያ ሰዓት 280 ሴንቲስቶክ ገደማ ይሆናል፣ 20W-50 ግን ወደ 1000 ይጠጋል። በመካከል ያለው 15W-40 ከ600 ትንሽ ያልፋል።

እነዚህን ቁጥሮች ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሞተሩ በሚሠራበት ሙቀት ላይ የሚፈለገው 10.5 ነው፤ ጠዋት ግን «ቀጭን» የተባለው ዘይት ራሱ ከዚያ ሃያ ስድስት እጥፍ ገደማ ወፍራም ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጠዋት የሚቸገረው በዘይት መቅጠን አይደለም፣ በመወፈር ነው። 5W-30 ለአዲስ አበባ ጠዋት ከመጠን ያለፈ ቀጭን ነው ማለት አይቻልም፤ አሁንም ገና ወፍራም ነው። 20W-50 ደግሞ ይህ 5W-30 በ10 ዲግሪ ያለውን ውፍረት ለማግኘት እስከ 29 ዲግሪ ድረስ መሞቅ አለበት። ባለመኪናዋ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ የምትመለሰው በአጭር መንገድ ከሆነ፣ ከጉዞዋ ብዙውን ክፍል የምትጨርሰው ዘይቱ ገና ሳይቀጥን ነው።

ወፍራሙ ዘይት በዚያ ጊዜ ምን ያደርጋል? ፓምፑ ይገፋዋል፤ በጠባቦቹ ቦዮች ውስጥ ግን ቶሎ አያልፍም፣ ግፊቱም ይወጣል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ፓምፑ ላይ ያለው የማስተንፈሻ ቫልቭ ይከፈትና ከዘይቱ ከፊሉ ወደ ካርተር ይመለሳል። ፊልትሮው ውስጥም ዘይቱ በወረቀቱ ማለፍ ሲያቅተው ሌላ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይጣራ ያሳልፈዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ግፊት መለኪያ ቢኖር ከፍ ብሎ ይታያል፣ ሾፌሩም «ዘይቱ ጥሩ ነው» ይላል። ከፍ ያለ ግፊት ግን ብዙ ዘይት እየደረሰ ነው ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ የሚያሳየው ዘይቱ ማለፍ እንደተቸገረ ነው። የቪትዝ ዓይነቱ ሞተር ደግሞ የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚቀያይር በዘይት ግፊት የሚሠራ ሥርዓት አለው። የዘይቱ ቦዮች ቀጫጭን ናቸው፣ ኮምፒውተሩም መልሱን በተወሰነ ፍጥነት ይጠብቃል። ዘይቱ ሲዘገይ ሞተሩ ይጎተታል፣ አንዳንዴም የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል።

ከሞቀስ በኋላ? በ100 ዲግሪ 17.8 የሆነው ወፍራም ዘይት ጥቅም የለውም አልልም፤ ሽፋኑ ይወፍራል። ግን ልዩነቱ ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። 20W-50 በ100 ዲግሪ ያለውን ውፍረት፣ 5W-30 በ78 ዲግሪ ላይ ያገኘዋል። ማለትም በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ የ22 ዲግሪ ልዩነት ነው። ለቪትዝዋ ሞተር ይህ ትርፍ ሽፋን የማያስፈልግ ነው፤ የብረቶቹ ክፍተት ለ30 ተብሎ ተለክቷል፣ ወፍራሙን ለማፈትግ የሚጠፋው ጉልበት ደግሞ ከነዳጁ የሚከፈል ነው።

«አገሩ ሞቃት ነው» የሚለው ምክንያት ራሱ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት የሚሞቀው በውጭው አየር ሳይሆን በሞተሩ ሥራ ነው። ቴርሞስታቱ የማቀዝቀዣውን ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይይዘዋል፣ ዘይቱም በተለመደ መንዳት ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ውጭው 15 ይሁን 30። ስለዚህ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ለሞቀ ሞተር ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ልዩነት የሚያመጣው ጭነቱና ዳገቱ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ የአባይን በረሃ ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚወጣ የጭነት መኪና ለረጅም ጊዜ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በከፍተኛ ጉልበት፣ ነፋስ ሳያገኝ ይሠራል፤ ዘይቱም ከ120 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩን እንየው፦ የእኛ 20W-50 በ123 ዲግሪ የሚኖረው ውፍረት፣ 5W-30 በ100 ዲግሪ ካለው ጋር እኩል ነው። እዚህ ላይ ወፍራሙ ትርጉም ያገኛል። ለከባድ ናፍጣ ሞተሮች ብዙ አምራቾች 15W-40 የሚያዙት፣ ለሞቃት አገርና ለከባድ ሥራም አንዳንዶቹ 20W-50 የሚፈቅዱት ለዚህ ነው። እኔ የምቃወመው ወፍራም ዘይትን አይደለም፤ ለአይሱዙ የተገባውን ምክር ለቪትዝ ማዛወርን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ብዙ የቆዩ መመሪያዎች የሙቀት መለኪያ ሥዕል አላቸው፤ ከጎኑ ቀስቶች ተዘርግተው የትኛው ዘይት ከስንት እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚያገለግል ያሳያሉ። አንድ ሞተር 5W-30፣ 15W-40 እና 20W-50 ሦስቱንም በተለያየ የሙቀት ክልል ሊፈቅድ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ባለመኪናው ምርጫ አለው፣ ወፍራሙን ቢመርጥም ከመመሪያው አልወጣም። መመሪያው 0W-20 ብቻ ካለ ግን ሞተሩ በሙሉ ለዚያ ተሠርቷል፤ 50 መጨመር ሁለት ሦስት ደረጃ መዝለል ነው። መጽሐፉ ከሌለ ብዙ መኪኖች ላይ የዘይት መሙያው ክዳን ራሱ ደረጃውን ይዟል፤ ክዳኑን ጠርጎ ማንበብ ነው።

ያረጀ ሞተርስ? ክፍተቱ በሰፋ፣ ዘይት በሚበላ ሞተር ላይ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ዘይት መጠቀም የታወቀ ልምድ ነው፤ ከ30 ወደ 40 መውጣት የዘይት መብላቱን ሊቀንሰው ይችላል። ጥገና ግን አይደለም። የጭሱና የዘይት ጉድለቱ ምክንያት የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጎማ ከሆነ፣ ዘይቱ ጊዜ ያስገኛል፣ ብልሽቱ ይቀጥላል።

ሞተሩ ራሱም ይናገራል፣ የሚያዳምጠው ካገኘ። ጠዋት ሲነሳ ከላይ የሚሰማው የብረት ኳኳታ በሰከንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ረዘም የሚል ከሆነና በተለይ ዘይቱ ወደ ወፍራም ከተቀየረ ወዲህ የመጣ ከሆነ፣ ዘይቱ ላይ እየዘገየ ነው። የተገላቢጦሹ ምልክት የሚታየው ከረጅም ጉዞ በኋላ ነው፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የዘይት መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለና ነዳጅ ሲሰጡት ከጠፋ፣ ዘይቱ ከልክ በላይ ቀጥኖ ወይም የሞተሩ ክፍተት ሰፍቶ ወይም ዘይቱ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የዘይቱን መጠን ማየት፣ መጠኑ ልክ ከሆነ ደግሞ ሳይነዱ በግፊት መለኪያ ማስፈተሽ ነው የሚገባው። ወፍራም ጨምሮ መብራቱን ማጥፋት ምልክቱን መደበቅ ነው።

በጣት መካከል አሽቶ «ይሄማ ውሃ ሆኗል» ማለት ግን ምንም አይለካም። ጣት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ላይ 5W-30 ከ20W-50 ጋር ሲነጻጸር ሁልጊዜ ቀጭን ሆኖ ይሰማል፣ አዲስም ቢሆን። ዋናው ጥያቄ በ100 ዲግሪ ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ ያንን ደግሞ ጣት አይደርስበትም።

ሌላ በተደጋጋሚ የሚቀላቀል ነገር አለ። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ጥራት አይናገሩም። ሁለት 15W-40 ዘይቶች ውፍረታቸው አንድ ሆኖ፣ አንዱ የዛሬ ናፍጣ ሞተር የሚፈልገውን ማጽጃና ፀረ መበላት ቅመም ሊይዝ፣ ሌላው ከብዙ ዓመት በፊት የተተወ ደረጃ ሊሆን ይችላል። ያንን የሚናገረው API ከሚለው ቀጥሎ ያለው የፊደል ምልክት ነው፤ ለቤንዚን ሞተር በ S፣ ለናፍጣ በ C ይጀምራል። ሁለቱም መመሳከር አለባቸው፦ ውፍረቱም፣ ደረጃውም።

መንገድ ላይ ዘይት ጎድሎ የሚፈለገው ደረጃ ባይገኝስ? ሞተሩ የያዘው 5W-30 ሆኖ የተገኘው 15W-40 ብቻ ከሆነ፣ ግማሽ ሊትር ወይም አንድ ሊትር ጨምሮ መንገድ መቀጠል ዘይት ጎድሎ ከመንዳት እጅግ ይሻላል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ጋሎኑ ላይ በ S የሚጀምር ምልክት መኖሩን ማየት ነው። ዘይቶቹ ይቀላቀላሉ፤ ድብልቁ በሁለቱ መካከል ያለ ውፍረት ይኖረዋል። አራት ሊትር በሚይዝ ሞተር ላይ አንድ ሊትር 15W-40 ቢጨመር፣ በ100 ዲግሪ 10.5 የነበረው ወደ 11.4 አካባቢ ይወጣል፣ ይህም አሁንም በ30 ክልል ውስጥ ነው። የብርዱ ቁጥር ግን እንደ 5W አይታመንም፤ እኛ ጋ ይህ አያሳስብም፣ ዴንቨር ወይም ስቶክሆልም ላለ ሰው ግን ብርዱ ከመግባቱ በፊት ሙሉ ዘይቱን መለወጥ ይጠይቃል።